አንድ ማርክ ቢጨመርልኝ ጠቅላላ ውጤቴ ላይ ስንት ይጨምራል?

ብራና

ሰላም ለሁላችሁ። የሚድ ወረቀቴ ላይ ድምሩ 29 ከ40 ተብሎ ተጽፏል። ገጽ በገጽ ስደምረው ግን 30 ነው የሚመጣው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለች አንድ ማርክ ሳትደመር ቀርታለች። የኮርሱ ጠቅላላ ውጤቴ 79.525 ነው፤ ለሚቀጥለው ደረጃ 80 ያስፈልጋል። ከ40 አንድ ማርክ ማለት 2.5 ፐርሰንት ስለሆነ 82.025 እገባለሁ ብዬ አስልቼ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ "ያን ያህል አይጨምርም" አለችኝ፤ ስንት እንደሚጨምር ግን እሷም አልነገረችኝም።

አያያዙ እንዲህ ነው፦

ኩዊዝ፦ አራት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ10። ዝቅተኛው ይወጣና ሦስቱ ተደምረው ከ20 ይያዛሉ። ያገኘሁት 7፣ 9፣ 5 እና 8።
አሳይመንት፦ ከ50 ታርሞ ከ15 ይያዛል። 43 አለኝ።
ሚድ፦ ከ40 ታርሞ ከ25 ይያዛል። 29።
ፋይናል፦ ከ80 ታርሞ ከ40 ይያዛል። 65።

ትክክለኛውን አሠራር የምታውቁ ግራ ለገባት እህታችሁ ብትነግሯት።

ፈጣን ስሌት

አይዞሽ፣ ቀላል ነው። በኮርሱ ውስጥ ያሉትን ማርኮች በሙሉ ደምሪ፦ ኩዊዞቹ 40፣ አሳይመንቱ 50፣ ሚዱ 40፣ ፋይናሉ 80፤ ድምር 210። መቶን ለ210 ስታካፍይ 0.476 ይመጣል። አንድ ማርክ ዋጋዋ ይህ ነው፣ የየትኛውም ፈተና ትሁን። 79.525 ላይ ሲደመር 80.001። ለጥቂት ቢሆንም አልፈሻል።

ጠመኔ

ብራና፣ 2.5 ያልሽው ስህተት አይደለም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። 2.5 የተለወጠው ሚዱ ወረቀት ላይ ነው፤ 72.5 ከመቶ የነበረው 75 ከመቶ ይሆናል። ሚዱ ግን ከኮርሱ ሩቡን ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከዚያ 2.5 ውስጥ ወደ ጠቅላላው የሚያልፈው ሩቡ ነው፦ 0.625።

ወደዚህ ቁጥር በአንድ እርምጃ መድረስም ይቻላል። ፈተናው የሚያዝበትን ለሚታረምበት ማካፈል ነው፤ 25ን ለ40። ያገኘሽው ማርክ ስሌቱ ውስጥ እንደማይገባ ልብ በይ። ከ29 ወደ 30 ሆነ ከ11 ወደ 12፣ ሚዱ ላይ የምትጨመር አንድ ማርክ ሁልጊዜ 0.625 ናት።

ያንቺን ሙሉውን ላስቀምጠው። ኩዊዞቹ 5ቱ ከወጣች በኋላ 24 ከ30 ናቸው፤ ከ20 ሲያዙ 16። አሳይመንቱ 12.9፣ ሚዱ 18.125፣ ፋይናሉ 32.5። ድምሩ 79.525፤ ከነገርሽን ጋር ይገጥማል። ሚዱ 30 ከሆነ 18.125 የነበረው 18.75 ይሆንና ጠቅላላው 80.15 ይመጣል። ከ80 በላይ ነሽ፤ 82 ግን አትደርሺም።

ፈጣን ስሌት፣ ያንተ መንገድ የሚሠራው ኮርሱ ክብደት ሳይመደብለት ማርኮች እንዲሁ ሲደመሩ ነው። እንደዚያ ባለ ኮርስ የሁሉም ፈተና ማርክ እኩል ዋጋ አለው። እዚህ ግን መምህሩ ክብደቱን አስቀድሞ ወስኗል። በአንተ ስሌት አሳይመንቱ 50 ለ210፣ ማለትም 23.8 ገደማ ይይዛል፤ የተሰጠው ግን 15 ነው።

ፈጣን ስሌት

እሺ፣ ክብደት መኖሩን ዘልዬዋለሁ። ግን እኮ መልሱ አልተለወጠም። ባንተም በኔም ከ80 በላይ ነው።

ጠመኔ

የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ያቺ ማርክ ከሚዱ ሳይሆን ከአሳይመንቱ የጎደለች ብትሆን አስበው። 15 ለ50 ሲካፈል 0.3 ነው፤ ጠቅላላው 79.825 ይሆናል፣ 80 አይሞላም። አንተ ግን አሁንም 80.001 ብለህ "አልፈሻል" ትላታለህ።

በዚህ አጋጣሚ የአንድ ማርክን ዋጋ በየፈተናው ላስቀምጥ፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ስለሆነ። ኩዊዝ ላይ 20 ለ30፣ ማለትም 0.667። ሚድ ላይ 0.625። ፋይናል ላይ 40 ለ80፣ 0.5። አሳይመንት ላይ 0.3። ከሁሉ የከበደው ፋይናሉ ነው፤ የፋይናል አንዲት ማርክ ግን ከኩዊዝ ማርክ ታንሳለች፣ ያ 40 ለ80 ማርኮች ስለሚከፋፈል። "ፋይናል ላይ የተሳሳተ ድምር ብቻ ነው መከራከር የሚገባው" የሚለው አባባል እንዲህ ባለ ኮርስ አያስኬድም።

ዘንባባ

እዚህ ላይ የኔን ላንሳ፣ ምክንያቱም 0.667 የሚለው እኔ ጋ አልሠራም። አያያዙ ከብራና ጋር አንድ ነው፣ ዝቅተኛው ይወጣል። ኩዊዞቼ 6፣ 7፣ 9 እና 10 ነበሩ። 6ቷ እንደገና ታርማ ሁለት ማርክ ተጨመረና 8 ሆነች። ሁለት ጊዜ 0.667 ማለት 1.33 ነው። የተጨመረልኝ ግን 0.67 ብቻ። አንዱ ማርኬ የት ገባ?

ጠመኔ

አልጠፋም፣ ሲጀመር የሚቆጠርበት ቦታ አልነበረም። ከእርማቱ በፊት 6ቷ ወጥታ የሚቆጠሩልህ 7፣ 9 እና 10 ነበሩ፤ 26 ከ30። ከእርማቱ በኋላ ዝቅተኛዋ 7ቷ ሆነች፤ እሷ ወጥታ 8፣ 9 እና 10 ተቆጠሩ፤ 27 ከ30። ልዩነቱ አንድ ማርክ ነው።

ሁለቱን ማርኮች አንድ በአንድ ብትከታተላቸው የበለጠ ይገለጣል። የመጀመሪያዋ 6ን 7 ስታደርግ የሚወጣውም 7፣ የሚቀረውም 7 ነው፤ ድምሩ አይነቃነቅም። ሁለተኛዋ 7ን 8 ስታደርግ ነው ወረቀቱ ከሚቆጠሩት ጎራ የሚገባው። የሚወጣ ፈተና ላይ ማርክ ዋጋ የሚኖራት ከሱ ቀጥሎ ያለውን ዝቅተኛ ካለፈች ብቻ ነው። ለብራናም ይኸው ነው፤ 5ቷ ላይ አንድ ወይም ሁለት ማርክ ቢጨመር 79.525 ባለበት ይቆማል።

ሰንጠረዥ

ጠመኔ ያሉትን ኤክሴል ላይ ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። B ላይ ፈተናው የሚታረምበትን፣ C ላይ የሚያዝበትን ካስቀመጣችሁ ቀመሩ ይህ ብቻ ነው፦

```
=C2/B2
```

ችግሩ የሚመጣው ከC አጻጻፍ ነው። 25 ብላችሁ ከጻፋችሁ 0.625 ታያላችሁ። 25% ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ሴሉ ውስጥ የተቀመጠው 0.25 ነው፤ መልሱም 0.00625 ይሆናል። መልሱ ያለበት ሴል በፐርሰንት መልክ ያለ ዴሲማል የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ 1% ብሎ ያጠጋጋባችኋል። "አንድ ማርክ አንድ ፐርሰንት ናት" የሚል ተማሪ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። የዴሲማሉን ቦታ ወደ ሦስት አሳድጉት፣ 0.625% ብሎ ያወጣዋል።

ጎህ

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ። ከ40 በሚታረም ሚድ ላይ አንድ የተሳሳተ ጥያቄ ተገኝቶ ተሰረዘ፤ ከእንግዲህ የሚታረመው ከ39 ነው ተባልን። ያው ለሁላችንም አንድ ማርክ ተጨመረልን ማለት ስለሆነ ሁላችንም 0.625 አገኘን፣ ልክ ነኝ?

ሚዛን

አይደለም ጎህ። ይህ ብራና ከጠየቀችው የተለየ ጉዳይ ነው፤ ስሌቱም ሌላ ነው። ብራና ላይ የተለወጠው ያገኘችው ማርክ ነው። እናንተ ጋ የተለወጠው ፈተናው የሚታረምበት ነው።

ሚዱ ከ25 ይያዛል እንበልና ሁለቱም 29 ከ40 ያገኙ ሁለት ተማሪዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያው የተሰረዘውን ጥያቄ ተሳስቶት ነበር። እሱ አሁን 29 ከ39 ነው፤ ከ25 ሲያዝ 18.125 የነበረው 18.590 ይሆናል። የተጨመረለት 0.465 ገደማ ነው፣ 0.625 አይሞላም። ሁለተኛው ያንን ጥያቄ "በትክክል" መልሶ ማርኩን አግኝቶ ነበር። ጥያቄው ሲሰረዝ ማርኩም አብሮ ስለሚሰረዝ 28 ከ39 ይሆናል፤ 17.949። እሱ 0.176 ያህል ቀንሷል።

ጥያቄ መሰረዝ ለሁሉም ማርክ መስጠት ነው የሚለው የተስፋፋ ስህተት ስለሆነ ነው ያብራራሁት። መምህሩ ፈተናውን ከ40 እንዳለ ትቶ ለሁሉም ያቺን ማርክ ቢሰጥ ኖሮ የተሳሳተው ሙሉ 0.625 ያገኛል፣ የመለሰው ባለበት ይቆያል፣ ማንም አይቀንስም።

ጎህ

እኔ መልሼው ነበር! ስለዚህ እኔ ተጎዳሁ ማለት ነው?

ሚዛን

ከ40 ስንት እንዳገኘሽ ይወሰናል። 40ውንም የመለሰ 39 ከ39 ስለሚሆን አይነካውም። ሌላው መላሽ ግን ይቀንሳል፤ ብዙ ማርክ ያጣው ይበልጥ ይቀንሳል። 35 ከ40 ብታመጪ 21.875 የነበረው 34 ከ39 ሆኖ 21.795 ይሆናል፤ 0.08 ገደማ ነው። 20 ከ40 ያመጣ መላሽ ደግሞ ከ12.5 ወደ 12.179 ይወርዳል፤ ሩብ ነጥብ አልፎ 0.32 ያህል።

ኩራዝ

የኔ ደግሞ በተቃራኒው በዝቶ ነው ግራ ያጋባኝ። የብራና ዓይነት አያያዝ ነው፣ ፋይናል ግን ገና አልተፈተንንም። ሚድ ላይ አንድ ማርክ ሲስተካከልልኝ የተማሪ ገጼ ላይ ያለው ጠቅላላ በ1.04 ከፍ አለ። 0.625 ከሆነ ይህ ከየት መጣ?

ሰንጠረዥ

ገጹ ጠቅላላ ብሎ የሚያሳይህ እስካሁን የታረመውን ብቻ ወደ መቶ ለውጦ ነው። ፋይናሉ 40 ስለሚይዝ እስካሁን የተሠራው ከ60 ነው። በብራና ቁጥሮች እናስላው፦ 16፣ 12.9 እና 18.125 ሲደመሩ 47.025 ነው። ለ60 ተካፍሎ ወደ መቶ ሲለወጥ 78.375። ሚዱ በአንድ ማርክ ሲያድግ 47.65 ከ60፣ ማለትም 79.417። ልዩነቱ 1.042፤ ያየኸው ይኼ ነው።

ፋይናሉ ሲገባ ግን ማካፈያው 60 መሆኑ ቀርቶ 100 ይሆንና ያቺ ማርክ ወደ 0.625 ትመለሳለች። ማንም አልወሰደብህም፤ በመካከለኛው ጊዜ ነው ተጋንና የታየችው። "ፋይናል ላይ ስንት ባመጣ 80 እገባለሁ" ብለህ ስታሰላ 1.04ን ይዘህ እንዳትሄድ። የምትነሣው ከ47.65 ነው፤ 80 ለመሙላት 32.35 ይቀርሃል። ፋይናል ላይ ማርኳ 0.5 ስለሆነች 32.35ን ለ0.5 ስታካፍለው 64.7 ነው፤ ግማሽ ማርክ ካልተሰጠ 65 ከ80 ያስፈልግሃል። ያለዚያች የሚድ ማርክ ደግሞ 32.975 ይቀርህ ነበር፤ 65.95፣ ማለትም 66። በዚህ ኮርስ የሚድ አንድ ማርክ ፋይናል ላይ አንድ ማርክ ከሩብ ትመዝናለች።

ድርና ማግ

ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፤ ማጠጋጋት። አንዳንድ ቦታ የእያንዳንዱ ፈተና ውጤት ወደ ሙሉ ቁጥር ተጠጋግቶ ነው የሚመዘገበው። እንደዚያ ከሆነ የጠመኔ 0.625 በወረቀት ላይ ፈጽሞ አይታይም። ሚዱን ብቻ ተመልከቱት። 28 ከ40 ማለት 17.5 ነው፣ 18 ተብሎ ይመዘገባል። 29 ማለት 18.125 ነው፣ እሱም 18። 30 ማለት 18.75፣ 19 ይሆናል። 31 ማለት 19.375፣ አሁንም 19። ስለዚህ ከ28 ወደ 29 የወጣ ምንም አላገኘም፣ ከ29 ወደ 30 የወጣ ሙሉ አንድ ነጥብ አገኘ፣ ከ30 ወደ 31 የወጣ እንደገና ምንም።

በዚህ አመዘጋገብ ብራና 16፣ 13፣ 18 እና 33 ይኖራታል፤ ድምሩ 80። ማርኳ ሳትጨመር በፊት እንኳ አልፋለች።

ጠመኔ

የማጠጋጋቱ ነጥብ ትክክል ነው፤ ቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ። ብራና ጋ ግን ክፍሎቹ አልተጠጋጉም ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃው ራሱ 79.525 ነው። ክፍሎቹ ወደ ሙሉ ቁጥር ተጠጋግተው ቢሆን ድምሩ ዴሲማል አይኖረውም ነበር። ወደ አንድ ዴሲማል ተጠጋግተው ቢሆን ደግሞ ሚዱ 18.1 ሆኖ ድምሩ 79.5 ላይ ያልቅ ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ 25 ከ18.125 የመጣች ናት።

የሚቀረው ጥያቄ ጠቅላላው ሲመዘገብ ይጠጋጋል ወይ የሚለው ነው። ወደ ሙሉ ቁጥር የሚጠጋጋ ከሆነ 79.525 አስቀድሞ 80 ነው፤ ማርኳ ስትጨመር ደግሞ 80.15ም 80 ነው። ደረጃው ያው ይሆናል። የማይጠጋጋ ከሆነ ልዩነቱ በሙሉ በዚያች ማርክ ላይ ቆሟል።

ድርና ማግ

ጠቅላላው 79.525 ሆኖ ገጹ ላይ ከታየ እኔ ይጠጋጋል ብዬ አልገምትም።

ጠመኔ

አንተ እንዳልከው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ከገጹ ብቻ አልፈርድም። ገጹ የሚያሳየውና መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አንድ የማይሆንበት ቦታ አለ።

ብራና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኮርሱን መመሪያ አሁን አየሁት፤ "80 እና ከዚያ በላይ" ይላል እንጂ ስለማጠጋጋት አንድም ቃል የለውም። ጠመኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማመልከቻው ላይ "0.625 ይጨመርልኝ" ብዬ ልጻፍ ወይስ "አንድ ማርክ"?

ጠመኔ

"አንድ ማርክ" በይ፤ ከዚያም ቦታውን አመልክቺ። ሦስተኛው ገጽ፣ የጥያቄው ቁጥር፣ ከጎኑ የተሰጠው ማርክ፣ ከገጹ ግርጌ ያለው ንዑስ ድምር ካለ እሱም። የየገጹን ማርክ በተራ ደምረሽ 30 እንደሚመጣ አሳዪ። መምህሩ ወረቀቱ ላይ የሚያስተካክለው 29ን 30 ብሎ ነው፤ 0.625ቱን አያያዙ ራሱ ያወጣዋል። ጠቅላላውን ቁጥር ከጻፍሽለት እሱን ወደ ማጣራት ይሄዳል፤ የድምር ስህተቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከመላክሽ በፊት ግን ሌሎቹንም ገጾች እንደገና ደምሪያቸው። አንድ ወረቀት ላይ የተዘለለች ማርክ ካለች ሁለት ጊዜ የተደመረች ማርክም ልትኖር ትችላለች፤ ያቺ ከተገኘች 30ው ተመልሶ 29 ነው።

ፈጣን ስሌት

ብራና፣ የመዝገብ ክፍሉ ማጠጋጋትን በተመለከተ የሚሉሽን እዚህ ብትጽፊልን። የኔም ኮርስ መመሪያ ስለሱ ምንም አይልም፤ 84.6 ላይ ነኝ፣ መቁረጫው 85 ነው።

ሚዛን

ፈጣን ስሌት፣ አንተ 0.4 ነው የጎደለህ። የየፈተናውን የሚያዝበት ለሚታረምበት አካፍል፤ 0.4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ላይ አንድ የተዘለለች ማርክ ካለች ትበቃሃለች። 0.3 የሆነው ላይ ከሆነ ሁለት ያስፈልጉሃል።